የእሳት መድን ፖሊሲን ማንበብ፦ ከሠንጠረዡ እስከ ካሳው

በየአጥቢያው ለሥራ ስንዘዋወር የእሳት መድን ፖሊሲን በካዝና ተቆልፎ እንጂ በሰበካ ጉባኤ ፊት ሲነበብ እምብዛም አላጋጠመንም። አረቦኑ ተከፍሏል፣ ደረሰኙም አለ፤ ነገር ግን እሳት ቢነሣ ምን ያህል ካሳ እንደሚገኝ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ የለም። ስለዚህ በአንድ ምሳሌ ሰነዱን አብረን እንግለጥ።

አንድ አጥቢያ አዳራሹንና ዕቃ ቤቱን በ3,000,000 ብር መድን አስገብቷል እንበል። ንባቡ የሚጀመረው ከረጅሙ የውል ቃል ሳይሆን የንብረቱ ዓይነት፣ ቦታውና የገንዘቡ መጠን ከተጻፉበት ሠንጠረዥ ነው። በዚያ «አዳራሽ» ብቻ ተብሎ ከሠፈረ፣ ዕቃ ቤቱ አልተካተተም የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል።

ቀጥሎ ሽፋን የማያገኙትን እንመልከት። የተለመደው የእሳት ፖሊሲ የእጅ ጽሑፎችንና ጥሬ ገንዘብን፣ ከተወሰነ ዋጋ በላይ የሆኑ የጥበብ ሥራዎችንም፣ በግልጽ ካልተጠቀሱ በቀር ከሽፋን ውጭ ያደርጋል። ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም፤ በዕቃ ቤቱ ያሉት የብራና መጻሕፍትና ጥንታውያን ሥዕላት ሕንፃው መድን ስላለው ብቻ አልተሸፈኑም ማለት ነውና። እንዲካተቱ ከተፈለገ እያንዳንዳቸው ተዘርዝረውና ዋጋቸው ተወስኖ በፖሊሲው ላይ መጻፍ አለባቸው። ብራናው ራሱ በካሳ አይመለስም፤ በከፊል የተጎዳውን ለማስጠገን የሚወጣው ወጪ ግን ሊሸፈን ይችላል።

ብዙዎች የሚያዝኑት በካሳው ስሌት ነው። ሁለቱን ቤቶች ዛሬ መልሶ ለመሥራት 6,000,000 ብር የሚያስፈልግ ከሆነ፣ አጥቢያው መድን የገባው ለግማሹ ብቻ ነው። ፖሊሲው የተመጣጣኝ ካሳ አንቀጽ ካለው፣ የ800,000 ብር ጉዳት ቢደርስ የሚታሰበው ግማሹ፣ ማለትም 400,000 ብር ይሆናል። ከዚህም ላይ መድን ገቢው ራሱ የሚሸከመው ተቀናሽ አለ። ሠንጠረዡ «ከካሳው 10 በመቶ፣ ቢያንስ 20,000 ብር» የሚል ከሆነ፣ 40,000 ብር ተቀንሶ በእጅ የሚገባው 360,000 ብር ነው። የግንባታ ዋጋ በናረ ቍጥር የመድኑ መጠን በየዓመቱ እድሳት ሲደረግ ካልተሻሻለ፣ ይህ ጉድለት ማንም ሳያውቀው እየሰፋ ይሄዳል።

በመጨረሻ «የካሳ ጥያቄ» የሚለውን አንቀጽ ፈልጉ። በብዙ ፖሊሲዎች ሁለት ግዴታዎች ይገኛሉ፦ አደጋውን ወዲያውኑ ማሳወቅ፣ የጉዳቱን ዝርዝር ደግሞ በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማቅረብ። ቀኑ ከአንዱ ፖሊሲ ወደ ሌላው ስለሚለያይ የራሳችሁን ሰነድ ተመልከቱ። እሳቱ ኅዳር 12 ቀን፣ በበዓሉ ሌሊት ቢነሣና ፖሊሲው 15 ቀን ቢሰጥ፣ ጊዜው ኅዳር 27 ያበቃል። በወር አንድ ጊዜ የሚሰበሰብ ጉባኤ ነገሩን ለታኅሣሥ ስብሰባ ቢያሳድረው ይዘገያል። ስለዚህ አደጋ ሲደርስ ጸሐፊው ስብሰባ ሳይጠብቅ ማሳወቂያውን ጽፎ እንዲያስገባ፣ ግልባጩንም በመድን ድርጅቱ ማኅተም አስመትቶ እንዲያስቀር፣ አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ ሥልጣን ይሰጠው። የመድን ድርጅቱ መርማሪ መጥቶ እስኪያይም ድረስ ፍርስራሹ አይጠረግ።