ሦስተኛውን ስላይድ አውጪው

እስቲ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሪው። ስለ ማህፀን በር ካንሰር የሠራሻቸው ስላይዶች ቀለማቸው አምሯል፤ እሱን አትንኪው። እኔን ያልተመቸኝ ሦስተኛው ነው፦ «ከግንኙነት በኋላ ከደማሽ ሂጂና ተመርመሪ።» ሐሰት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ምልክት ያየች ሴት ማደር የለባትም። ግን ይህን በስልኳ የምታየው አብዛኛዋ ሴት ምንም አላመማትም። «እኔ ደህና ነኝ» ብላ ታልፈዋለች። ቅድመ ምርመራው ደግሞ የተዘጋጀው ለእሷው ነው። በኤች ፒ ቪ ቫይረስ የተነሳ የሚመጣው ለውጥ ካንሰር እስኪሆን ድረስ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል፤ ኤች አይ ቪ በደሟ ላለ ሴት ግን ሊፈጥን ይችላል። በዚያ ሁሉ ጊዜ አያምም፣ አይደማም። ስለዚህ በሦስተኛው ቦታ «ዕድሜሽ ከ30 እስከ 49 ከሆነ፣ ባያምሽም» ብለሽ ጀምሪ። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ከ25 ጀምሮ መመርመር እንዳለባቸውም ጨምሪበት። የመድማቱን ነገር ከታች በአንድ መስመር አስቀምጪው።

አራተኛው ላይ ምርመራው እንዴት እንደሆነ ንገሪያት፤ ሴት የምትፈራው የማታውቀውን ነው። ነርሷ የማህፀኑን በር እያየች አሴቲክ አሲድ ትቀባዋለች፤ አቼቶ ውስጥ ያለው ማለት ነው። ለውጥ ያለበት ቦታ በአንድ ደቂቃ ገደማ ይነጣል። ነጣ ማለት ካንሰር ነው ማለት እንዳልሆነ ጉልህ አድርገሽ ጻፊው፤ ይህን ያላወቀች ሴት ደንግጣ ሳትታከም ትቀራለች። ብዙውን ጊዜ ያ ቦታ በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ እዚያው ይታከማል። የተከተበችም ብትሆን ምርመራው እንደማይቀርላት አትርሺ፤ ክትባቱ ሁሉንም የቫይረሱን ዓይነት አይከላከልም።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። «350,000 ሴቶች ሞቱ» ብለሽ የኢትዮጵያን ካርታ ከጎኑ ለጥፈሻል። ይህ እኮ የዓለም ቁጥር ነው! ካርታውን አንሺውና «በዓለም ዙሪያ» በዪ። ምንጩንም እዚያው ስላይድ ግርጌ አድርጊው፦ «የዓለም ጤና ድርጅት፣ 2022 እ.ኤ.አ.»። ሰው የሚያጋራው አንዱን ስላይድ ብቻ ነውና መጨረሻ ላይ የተከማቸ ምንጭ አብሮት አይሄድም። እ.ኤ.አ. ካላልሽ ደግሞ አንባቢሽ ገና ያልደረስንበት ዓመት አድርጋ ታነበዋለች።

መጨረሻው ላይ «ሳይረፍድ አሁኑኑ!» ያልሽውን አጥፊው፤ መጮህ ነው። ምርመራው በየጤና ጣቢያው ሁሉ ስለማይገኝ የምትጠይቀውን ቃል ስጫት፦ «ለልጅሽ ክትባት ወይም ለራስሽ ጉዳይ ጤና ጣቢያ ስትሄጂ፣ የማህፀን በር ቅድመ ምርመራ እዚህ ይሰጣል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ከሌለ የት እንዳለ ይንገሩሽ።» በይ፣ ይህን አስተካክይና ከመለጠፍሽ በፊት የምታውቂያት አንዲት ነርስ ታንብብልሽ።