ሁለት ሞተር፣ አንድ ገንዳ

«ሁለት ፓምፖች አንድ ገንዳ ሲሞሉ…» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገና እርሳሱን ሲያነሳ ነው፤ ሰዓትን ከሰዓት ይደምራል። የሚደመረው ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ የተሠራው ሥራ ነው።

ጋምቤላ ከተማ አጠገብ፣ ባሮ ዳር ሙዝና ማንጎ የሚያለማ ወዳጅ አለኝ። 30 ሺህ ሊትር የሚይዝ የግንብ ገንዳ አለው። የራሱንና ከወንድሙ የተዋሰውን የውሃ ሞተር በየራሳቸው ቱቦ አድርጎ አንድ ላይ ሲያስነሳቸው ገንዳው በ6 ሰዓት ሞላ። ወንድምየው ሞተሩን ሊወስድ ሲመጣ ወዳጄ «እንግዲህ የኔ ብቻውን 12 ሰዓት ሊፈጅ ነው» አለኝ። ይህ ልክ የሚሆነው ሞተሮቹ እኩል ቢሆኑ ነበር። የሱ ግን ከወንድሙ 5 ሰዓት እንደሚዘገይ ራሱ ያውቃል።

የወንድሙ ሞተር ብቻውን x ሰዓት ይፈጃል እንበል። በአንድ ሰዓት የገንዳውን 1/x ይሞላል፤ የወዳጄ ደግሞ 1/(x+5)። አብረው ሲሠሩ በሰዓት አንድ ስድስተኛውን ስለሚሞሉ፦

1/x + 1/(x+5) = 1/6

ክፍልፋዮቹን ለማጥፋት ሁሉንም በ6x(x+5) እናባዛ፦

6(x+5) + 6x = x(x+5)
x² − 7x − 30 = 0
(x − 10)(x + 3) = 0

ሰዓት ከዜሮ በታች ስለማይሆን −3 ይጣላል። የወንድሙ 10፣ የወዳጄ 15 ሰዓት ይፈጃል።

ልጆቻችን ግን በየማጠናከሪያ ትምህርቱ «አባዝተህ ለድምሩ አካፍል» የሚል አቋራጭ ብቻ ይሸመድዳሉ። 10 እና 15 ከተሰጣቸው 6ን ያገኛሉ፤ እንደ ወዳጄ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ግን ብዕራቸው ይቆማል። ገንዘብ ተከፍሎበት እንዲህ ያለ ነገር መሸጡ ያሳዝነኛል።

እኔ የማምነው በጀሪካን ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቱቦው አፍ ላይ ደግናችሁ በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። የወንድሙ ሞተር በ24 ሴኮንድ፣ የወዳጄ በ36 ሴኮንድ ሞላው፤ በሰዓት 3 ሺህና 2 ሺህ ሊትር ማለት ነው። ስሌቱ ያለው ይኸው ነው። ልኬቱን በመጋቢት ባሮ ሲጎድል ድገሙት፤ ሞተሩ ውሃውን ከጥልቅ ስለሚስብ ፍጥነቱ ይቀንሳል።

በኋላ ወዳጄ ሞተሩን እንደገና ተውሶ፣ ቱቦ ለመቆጠብ ሁለቱንም በአንድ ቱቦ አገጣጠማቸው። ጀሪካኑ በ14 ሴኮንድ ተኩል ገደማ መሙላት ሲገባው 18 ፈጀ፤ ገንዳው ደግሞ 7 ሰዓት ተኩል። ቀመሩ አልተሳሳተም። መደመር የሚሠራው አንዱ የሌላውን ሥራ ካላደናቀፈ ነው፤ በአንድ ጠባብ ቱቦ ብዙ ውሃ ሲገፋ ግን ግጭቱ ይበረታና ሁለቱም ይደክማሉ። ሁለተኛውን ቱቦ መልሶ ዘረጋ። በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት አስነሥቷቸው፣ 6 ሰዓት ላይ ውሃው በገንዳው አፍ ይፈስ ጀመር።