ማኪያቶህን በአንድ ገጽ ጻፈው!

ካፌ አለህ እንበል። ጠዋት የሚገባው ማሽኒስት የሚሠራው ማኪያቶ ሰው ከሌላ ሰፈር ይጠራል። ከሰዓት በኋላ አዲሷ ልጅ ትተካዋለች። ቡናው ያው ነው። ወተቱም፣ ማሽኑም ያው ነው። ማኪያቶው ግን ሌላ ሆኖ ይመጣል።

ደንበኛህ ምን ያደርጋል? ዝም ብሎ ከፍሎ ይወጣል። በማግስቱ በር ላይ ቆሞ "ያ ልጅ አለ?" ይላል። ከሌለ ጉዞውን ይቀጥላል።

ልጅቷን አትቆጣት! ምን ሰጠሃት? "እሱ ሲሠራ እያየሽ ልመጂ" አልካት። እሱ ደግሞ የሚሠራው ሰው በተሰለፈበት ሰዓት ነው። ማን ቆሞ ያስረዳታል?

አንድ ገጽ ስጣት። ለአንድ ሥራ አንድ ገጽ። ይህን ማድረግ ትችላለህ፤ ነገ ጠዋት ጀምር።

ግን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠህ ከሐሳብህ አትጻፍ። ማሽኒስቱ አጠገብ ቁም። "እንዴት ነው የምትሠራው?" ብትለው "ቡናውን አወርዳለሁ፣ ወተቱን አሞቃለሁ፣ እጨምርበታለሁ" ይልሃል። አልዋሸህም። እጁ የለመደውን ነገር አፉ ረስቶት ነው።

ስለዚህ እጁን እይ። የእንፋሎቱን ቱቦ ወተት ውስጥ ከመክተቱ በፊት ለአፍታ ወደ ጨርቅ ይለቀዋል። ለምን? ቱቦው ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ወተቱን እንዳያቀጥነው። ይህን ለማንም ነግሮ አያውቅም። አዲሷ ልጅ ግን እስኪነገራት ድረስ በየብርጭቆው ውሃ ትጨምራለች።

እንዲህ ያለውን ነገር ያዝ!

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አሜሪካኖች ይኸው ችግር በፋብሪካ ደረጃ ገጥሟቸው ነበር። የለመዱት ሠራተኞች ወደ ጦር ሜዳ ሄዱ፤ ፋብሪካ ገብተው የማያውቁ ሰዎች ተተኩ። እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1945 የዘለቀው "ትሬኒንግ ዊዝኢን ኢንዱስትሪ" የተባለው የመንግሥት ፕሮግራም ለኃላፊዎች አንድ ቀላል ወረቀት አስተማራቸው። በአንድ በኩል የሥራው ደረጃ ይጻፋል፤ በሌላው በኩል ቁልፍ ነጥቡ። ቁልፍ ነጥብ የሚባለው ሦስት ዓይነት ነገር ብቻ ነው፦ ሥራውን የሚያሳካ ወይም የሚያበላሽ፣ ሠራተኛውን ሊጎዳ የሚችል፣ ወይም ሥራውን የሚያቀል ዘዴ። ዘዴው ከጦርነቱ በኋላ ወደ ጃፓን ተሻገረ፤ ዛሬ ካይዘን ብለን ለምንጠራው አሠራርም አንዱ መሠረት ሆነ።

ለአንተም ከዚህ የተሻለ ማጥለያ አላውቅም። የምትጽፈው መስመር ከሦስቱ በአንዱ ካልገባ ሰርዘው።

አሁን ሚዛንና ሰዓት ያዝ። ማሽኒስቱ በጣም የሚያኮራውን ማኪያቶ ሲሠራ መዝንለት። ብዙ ቤት በባለሁለት ወንፊት 18 ግራም ያህል የተፈጨ ቡና ይገባል፤ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ውስጥም 36 ግራም ገደማ ይወርዳል። ያንተ ቤት ቁጥር ትንሽ ሊለይ ይችላል። ይለይ! የምትጽፈው የሱን ቁጥር ነው።

ገጹ ወደዚህ የተጠጋ ይሆናል፦

"እጀታውን አውጪ። ወንፊቱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ፤ እርጥብ ከሆነ ውሃው በአንድ ጎን ይሾልካል።

18 ግራም ቡና መዝኚ። አስተካክለሽ ጠቅጥቂ።

እጀታውን ግጠሚ፣ ወዲያው ቁልፉን ተጫኚ፣ ሰዓት ያዢ። ከ25 እስከ 30 ሰከንድ።

ግማሽ ጆግ ቀዝቃዛ ወተት ቅጂ። እንፋሎቱን መጀመሪያ ወደ ጨርቅ ልቀቂ። ቱቦው ያቃጥላል፤ በባዶ እጅ አትንኪው።

ቴርሞሜትሩ 60 ሲደርስ ዝጊ።

ቱቦውን ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ፤ ወተቱ ከደረቀ ይጋገራል።

ወተቱን ቡናው ላይ ጨምሪ።"

ቴርሞሜትር ለምን አስፈለገ? "ወተቱ ሲሞቅ ዝጊ" ብትላት ለእሷ የሞቀው ለማሽኒስቱ ገና ለብ ያለ ይሆናላ! ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ድረስ ወተቱ ይጣፍጣል። 70ን ሲያልፍ የተፈላ ወተት ሽታ ያመጣል፤ አረፋውም ይሻክራል። ቁጥር ጻፍላት።

እዚህ አገር ካፌ የከፈተ ሰው አንድ መስመር እንዳይረሳ እለምነዋለሁ። ረቡዕና ዓርብ በአኩሪ አተር ወተት የጾም ማኪያቶ የምትሸጥ ከሆነ የጾሙ ጆግ ለብቻው ይሁን፤ ምልክት ይደረግበት። ቱቦውም ታጥቦ እንጂ ተጠርጎ ብቻ አይገባበት። ደንበኛው አምኖህ ነው የሚጠጣው።

ቀጥሎ፣ ነገር ሲበላሽ ምን ታድርግ? ይህ ካልተጻፈ ገጽህ ጎዶሎ ነው።

ቡናው በ15 ሰከንድ ተንደርድሮ ወረደ። ውሃ ውሃና ኮምጣጣ ይሆናል። 40 ሰከንድ ፈጀ። ይመራል። በሁለቱም ጊዜ ትዕዛዙ አንድ ነው፦ "ድፊው፣ መዝነሽ እንደገና ሥሪ። ሁለተኛም ከሆነ ማሽኒስቱን ጥሪ። ወፍጮውን አትንኪ።" ወፍጮውን ለምን? ቡና ከተቆላ በኋላ ቀን በቀን ይለወጣልና የሚያስተካክለው የለመደ ሰው ነው፤ በየጠዋቱ ቀምሶ። አዲስ ሰው ግራሙንም ወፍጮውንም አንድ ላይ ከነካካ ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ማንም አያገኘውም።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣስ? የእንፋሎቱ መለኪያ ወደ ቦታው እስኪመለስ ወተት አይሞቅም። ቦታውን በቀይ ቀለም መለኪያው ላይ ምልክት አድርግበት።

ጨረስኩ አልክ? ገና ነህ! አሁን ነው ዋናው ፈተና።

ገጹን ለልጅቷ ስጣት። ራቅ ብለህ ቁም። አፍህን ያዝ።

ከባድ ነው፤ "አይ እንደሱ አይደለም" ማለት ያምርሃል። አትበል። የቆመችበት ቦታ ሁሉ የገጹ ጉድለት ነው። "ጠቅጥቂ" የሚለው ላይ ቆማ ታይሃለች፤ ምን ያህል? "ቡናው ከእጅሽ በታች መስመጡን እስኪያቆም፤ ላዩ ደልዳላ ይሁን" ብለህ ጨምር። ጆጉ ላይ ደግሞ ትልቁን አንስታ ግማሽ ሞላች፤ ለአንድ ማኪያቶ የሚበቃው የትንሹ ግማሽ ነበር። "በትንሹ ጆግ፣ እስከ አፍንጫው ሥር" ብለህ አርም። እሷ ጠይቃህ በቃል የመለስክላት ነገር ካለ ከወረቀቱ ጎድሏል ማለት ነው። እዚያው ጻፈው።

ከታረመ በኋላ በፕላስቲክ አስለብጠው፤ ማሽኑ አጠገብ እንፋሎት ወረቀት ይፈጃል። ከዓይን ፊት ለጥፈው። የተለጠፈበትን ቀን ጻፍበት።

የለመደውም ማሽኒስት በዚሁ ገጽ ይሥራ። "እኔ የተሻለ መንገድ አለኝ" ካለህ ደስ ይበልህ! አሠራው፣ ቅመስ። ከበለጠ ገጹን ቀይር፣ አሮጌውን ቅደድ፤ ልጅቷም በአዲሱ ትሥራ። ሁለት ዓይነት ገጽ አንድ ቤት ውስጥ አይደር።

ከሳምንት በኋላ እንዲህ ፈትን። እሱ አንድ ማኪያቶ ይሥራ፣ እሷ አንድ። ማን የትኛውን እንደሠራ ሳትነግረው ለአስተናጋጅህ ሁለቱን አቅርብለት። ለይቶ ካወቀ ልጅቷን አትይ፤ የሁለቱን ግራም፣ ሰከንድና ሙቀት አወዳድር። የተለያየው ቁጥር የቱ ጋ እንደሆነ ስታገኝ ገጹ ላይ የሚታረመውን መስመር አገኘህ።