አሲዱ ከየት መጣ? ስለ ጉና ግርጌ አፈር የተደረገ ምልልስ

አዛውንቱ ከኬሚስትሪ መምህርነት በጡረታ ወጥተው በአርብ ገበያ ይኖራሉ። ጠያቂያቸው ወጣት የግብርና ባለሙያ ናት። በላይ ጋይንት በኩል፣ ከጉና ተራራ ግርጌ ካለ የገብስ ማሳ የተወሰደ የአፈር ናሙና ውጤት ይዛ መጥታለች።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ይህ የላቦራቶሪ ወረቀት ግራ አጋባኝ። ፒኤች 4.7 ይላል፤ እሱ ይገባኛል። ዝቅ ብሎ ግን «ተለዋጭ አሲድነት 2.0 ሴንቲሞል በኪሎግራም፣ ከዚህ ውስጥ አሉሚኒየም 1.6» ተብሎ ተጽፏል። አሉሚኒየም እንዴት አሲድ ተብሎ ይቆጠራል? አሲድ የሚባለው የሃይድሮጂን አዮን የሚሰጥ ነው ብለው ነበር ያስተማሩን። አሉሚኒየም ውስጥ ደግሞ ሃይድሮጂን የለም።

አዛውንቱ፦ ድስት የሚሠራበትን አሉሚኒየም ካሰብሽ ልክ ነሽ። አፈር ውስጥ ያለው ግን ሦስት ኤሌክትሮን ያጣው የአሉሚኒየም አዮን ነው። እሱም ውሃ ውስጥ ሲገባ ብቻውን አይቀመጥም። ስድስት የውሃ ሞለኪውሎች በኦክስጅናቸው በኩል ዞረው ይይዙታል። ስለዚህ ወረቀትሽ ላይ «አሉሚኒየም» ተብሎ የተጻፈው በእውነቱ [Al(H₂O)₆]³⁺ ነው። አሁን ቁጠሪ፤ ስንት ሃይድሮጂን አለው?

ወጣቷ፦ አሥራ ሁለት። ግን እነሱ የውሃው ናቸው። ውሃ ደግሞ አሲድ አይደለም።

አዛውንቱ፦ ብቻውን ሲሆን አይደለም ማለት ይቻላል። እዚህ ጋ ግን ውሃው ከአዮኑ ጋር ተጣብቋል። አዮኑ በጣም ትንሽ ነው፤ ሦስት ፖዘቲቭ ቻርጅ በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ተከማችቷል። ስለዚህ የኦክስጅኑን ኤሌክትሮኖች ወደ ራሱ ይስባል። ኦክስጅኑ በበኩሉ የጎደለበትን ከሃይድሮጂኑ ጋር ካለው ትስስር ላይ ይወስዳል። ያ ትስስር ሲሳሳ ሃይድሮጂኑ በቀላሉ ይለቃል፤ በአጠገቡ የሚያልፍ ሌላ የውሃ ሞለኪውልም ይወስደዋል። እስኪ እዚህ ጋ ልጻፍልሽ፦

[Al(H₂O)₆]³⁺ + H₂O ⇌ [Al(H₂O)₅(OH)]²⁺ + H₃O⁺

ሃይድሮሊሲስ የምንለው ይህንን ነው። አሲዱን ያወጣው አዮኑን የከበበው ውሃ ነው፤ ያስወጣው ደግሞ አዮኑ ነው።

ወጣቷ፦ እኛ የተማርነው «የደካማ ቤዝና የጠንካራ አሲድ ጨው አሲዳማ ነው» የሚል ነበር።

አዛውንቱ፦ መልሱን ያገኝልሻል፤ ምክንያቱን ግን አይነግርሽም። እኔም ለዓመታት በዚያው መልክ አስተምሬዋለሁ፣ ለፈተና ስለሚበቃ። የሶዲየም ክሎራይድንና የአሉሚኒየም ክሎራይድን ብጥብጥ ብታነጻጽሪ ክሎራይዱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ያለው በፖዘቲቩ አዮን ላይ ነው። ሶዲየምም በውሃ ተከብቧል፤ ነገር ግን ቻርጁ አንድ ብቻ ነው፣ መጠኑም ከአሉሚኒየም እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ስለዚህ የከበበውን ውሃ አያስጨንቀውም፤ የገበታ ጨው ብጥብጥ ሊትመስን ቀይ አያደርግም።

ወጣቷ፦ የአሉሚኒየሙ አሲድነት ምን ያህል ይጠነክራል?

አዛውንቱ፦ በአንድ ሊትር 0.1 ሞል አሉሚኒየም ክሎራይድ ብትበጠብጪ ፒኤቹ 3 አካባቢ ይሆናል። በዚሁ መጠን የተበጠበጠ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም የኮምጣጤው አሲድ፣ 2.9 ነው። ጨው ነው የምትዪው ነገር ከኮምጣጤ አሲድ ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆመ ማለት ነው። የብረቱ፣ የፌሪክ ክሎራይድ፣ ደግሞ ይብሳል፤ 1.7 ገደማ ይወርዳል። በዚህ ብጥብጥ ውስጥ ከመቶ የአሉሚኒየም አዮኖች ሃይድሮጂን የለቀቀው አንድ ያህል ነው፤ ከፌሪኩ ግን ሃያ ሁለት ያህል።

ወጣቷ፦ ፌሪኩ ከአሉሚኒየም ያነሰ ነው?

አዛውንቱ፦ ጥሩ ጠየቅሽ። አያንስም፤ እንዲያውም ትንሽ ይበልጣል። ሁለቱም ሦስት ቻርጅ አላቸው። በመጠንና በቻርጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ አሉሚኒየሙ መብለጥ ነበረበት። ፌሪኩን የለየው ከኦክስጅን ጋር ኤሌክትሮን በከፊል መጋራቱ ነው፤ ትስስሩ መሳሳብ ብቻ አይደለም። ስለዚህ የኦክስጅኑን ኤሌክትሮን አብልጦ ይወስዳል። ቻርጁ ሁለት የሆነው የብረት አዮን ግን ከዚህ ሁሉ እጅግ ደካማ አሲድ ነው። የፌሪክ ብጥብጥ ቢጫ ቡናማ የሚሆነውም በዚሁ ሃይድሮሊሲስ ምክንያት ነው፤ ስድስቱንም ውሃ ሳይነካ የያዘው አዮን ቀለሙ ፈዛዛ ሐምራዊ ነው። ቢጫው ሃይድሮጂን የለቀቁት ቀለም ነው። በትምህርት ቤት ፌሪክ ክሎራይድ ስናዘጋጅ ጥቂት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የምንጨምርበት፣ ይህንን ምላሽ ወደ ኋላ መልሰን ብጥብጡ እንዳይደፈርስ ነው።

ወጣቷ፦ እንዲህ ከሆነ ቀዩን አፈራችንን የሚያቀላው ብረት ነውና አፈሩን አሲዳማ ያደረገው ብረቱ መሆን ነበረበት። ወረቀቱ ላይ ግን ብረት የለም።

አዛውንቱ፦ የለም፤ ምክንያቱም ፌሪኩ ሥራውን ቀድሞ ጨርሷል። በጣም ጠንካራ አሲድ ስለሆነ ፒኤች ወደ 3 ሲጠጋ ገና ሦስት ሃይድሮጂኑን አስረክቦ ጠጣር ይሆናል። የምታዪው ቅላት እሱ ነው። አፈራችን 4.7 ስለሆነ በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ፌሪክ የለውም ማለት ይቻላል። አሉሚኒየሙ ግን ከ5.5 በታች ባለው አፈር ውስጥ መሟሟቱን ይቀጥላል። የገብሱን ሥር ጫፍ የሚያጠቃው፣ ሥሩን አሳጥሮ የሚያደነድነው ይህ የሟሟ አሉሚኒየም ነው።

ወጣቷ፦ ላቦራቶሪው ይህንን እንዴት ለካው?

አዛውንቱ፦ አፈሩን በፖታሲየም ክሎራይድ ብጥብጥ ያሹታል። የሸክላ ቅንጣት ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው፤ አሉሚኒየሙን የያዘው በዚያ ነው። ፖታሲየሙ ሲበዛበት ቦታውን ይለቅና ወደ ብጥብጡ ይወጣል። ከዚያ አጥልለው በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቲትሬት ያደርጉታል። እያንዳንዱ አሉሚኒየም ሦስት ሃይድሮጂን እስኪያወጣ ድረስ ቤዙን ይበላል፤ ልክ እንደማንኛውም አሲድ። ቀጥለው ፍሎራይድ ይጨምሩበታል። ፍሎራይዱ አሉሚኒየሙን ከሃይድሮክሳይዱ ነጥቆ ሲወስድ የተለቀቀውን ሃይድሮክሳይድ በአሲድ ይለኩታል። 1.6 የሚለው ቁጥር የመጣው ከዚያ ነው።

ወጣቷ፦ ታዲያ ፒኤቹ ለምን አይበቃንም? 4.7ን አይተን ኖራ ብንመድብስ?

አዛውንቱ፦ እስቲ አብረን እናስላው፤ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሄክታር፣ 15 ሴንቲሜትር ጥልቀት፤ 1,500 ሜትር ኩብ አፈር ነው። ከዚህ ውስጥ 30 በመቶው ውሃ ነው እንበል፤ 450,000 ሊትር። በፒኤች 4.7 በአንድ ሊትር ያለው ነጻ ሃይድሮጂን 0.00002 ሞል ነው። አባዢው።

ወጣቷ፦ ዘጠኝ ሞል።

አዛውንቱ፦ ዘጠኝ ሞል ለማክሸፍ የሚበቃው ካልሲየም ካርቦኔት ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። በአንድ እፍኝ ኖራ አንድ ሄክታር! አሁን ወደ 2.0ው ነይ። አንድ ሜትር ኩብ አፈር 1.2 ቶን ይመዝናል ብንል፣ የሄክታሩ አፈር 1.8 ሚሊዮን ኪሎ ነው። በእያንዳንዱ ኪሎ 0.02 ሞል አሲድ አለ። 36,000 ሞል ይሆናል። አንድ ሞል ካልሲየም ካርቦኔት ሁለት ሞል ስለሚያከሽፍ 18,000 ሞል፣ ማለትም 1,800 ኪሎ ያስፈልጋል።

ወጣቷ፦ ከግማሽ ኪሎ ወደ አሥራ ስምንት ኩንታል!

አዛውንቱ፦ ፒኤቹ የሚያሳይሽ አሁን ነጻ ሆኖ የወጣውን ብቻ ነው። ያንን ስታጠፊው ከሸክላው ላይ ሌላ አሉሚኒየም ይለቃል፤ እሱም ሃይድሮጂን ያወጣል። ክምችቱ እስኪያልቅ ይህ አይቆምም። ኖራው ወደ አፈሩ ሲገባ ካርቦኔቱ ሃይድሮጂኑን እየወሰደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል፤ አሉሚኒየሙ ሦስቱንም አስረክቦ Al(OH)₃ ሆኖ ይጠጥራል፤ ካልሲየሙ ደግሞ አሉሚኒየሙ በሸክላው ላይ የለቀቀውን ቦታ ይይዛል። ሥሩን ከአሉሚኒየም የሚያድነው ይህ መጠጠር ነው።

ወጣቷ፦ የእኛ የኖራ ቀመር ግን በመጨረሻ በ1.5 ያባዛል።

አዛውንቱ፦ ያባዛል፤ 27 ኩንታል ይመጣል። የተፈጨ ኖራ ሁሉ ንጹሕ አይደለም፣ ሁሉም አይሟሟም፣ በፖታሲየሙ ያልወጣ አሲድም ይቀራል። ማባዣው በሰብሉ ይለያያል። ሩብ ሄክታር ላለው ገበሬ ወደ ሰባት ኩንታል ነው፤ በአህያ ጭነት ቀላል አይደለም። ኖራውን በመስመር መጨመር መጠኑን ስለሚቀንሰው ለድሃ ገበሬ ያንን እመርጥለታለሁ።

ወጣቷ፦ ሰው ጀሶም ካልሲየም ስላለው ይሠራል ይላል።

አዛውንቱ፦ እዚህ ላይ ጠንክሪ። ጀሶ ካልሲየም ሰልፌት ነው። ሰልፌት ሃይድሮጂኑን ይዞ አያስቀረውም፤ ስለዚህ አሲዱን አያጠፋም። ሥራውን የሚሠራው ካልሲየሙ ሳይሆን ካርቦኔቱ ነው። ለመለየት ደግሞ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ዱቄቱ ላይ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ጠብ አድርጊበት። ኖራ ከሆነ ይፈላል፣ አረፋ ይሠራል። ጀሶ ዝም ይላል።

ወጣቷ፦ ወደ ቆላው፣ ወደ በሽሎ በኩል ያለውን ማሳስ በዚሁ መጠን ልመድብለት?

አዛውንቱ፦ በፍጹም። አሲድነት የሚበዛው ብዙ ዝናብ ካልሲየምንና ማግኒዚየምን አጥቦ በወሰደበት ደጋ ላይ ነው። ደረቁ ቆላ ላይ ተለዋጭ አሉሚኒየም ላይኖር ይችላል፤ እዚያ ኖራ መጨመር ገንዘብ ማባከን ብቻ ሳይሆን ሌሎች ንጥረ ምግቦችን ከሰብሉ ማራቅም ነው። ለየማሳው ናሙና ውሰጂ። ላቦራቶሪውንም ፒኤች ብቻ ሳይሆን ተለዋጭ አሲድነቱን እንዲለካ ጠይቂ። ለጉና ግርጌው ገበሬ ደግሞ ኖራውን ከመዝራቱ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ በትኖ ከአፈሩ ጋር በደንብ በማረሻ እንዲያደባልቀው ንገሪው፤ ካርቦኔቱ አሉሚኒየሙን የሚያገኘው ቅንጣቶቹ ሲነካኩ ብቻ ነው።