ምዕራፍ 6፦ ያልታየውን በሰዓት፣ የታየውን በቁርጥ

በአጋርፋ ስንዴ ሲደርስ ዋጋ የሚነገረው በተለያየ መስፈሪያ ነው። ትራክተር የሚያከራየው በሄክታር ይጠይቃል። ኮምባይነር ያመጣው ባለቤት ባጨደው ኩንታል ልክ ይከፈለዋል። ሸካሚው በጆንያ ይቆጥራል። ኮምባይነሩ መሀል ማሳ ላይ ሲቆም የሚጠራው መካኒክ ግን መስፈሪያ የለውም። «ስንት ትለናለህ?» ይባላል፤ ገና ማሽኑን ሳያይ አንድ ቁጥር ይጠራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዕድል ነው።

ይህ ምዕራፍ ለዚያ መካኒክ፣ ለብየዳ ባለሙያውና ሮቤ ላይ የቤት ፕላን ለሚሠራው ልጅ የተጻፈ ነው። ሙያችሁን በሰዓት ትሸጡ ወይስ በቁርጥ? መልሱ የሚገኘው አንድ ጥያቄ በመጠየቅ ነው፦ ሥራው ውስጥ ገና ያልታየ ነገር ካለ፣ የእሱን ዕዳ ማን ይሸከማል? በሰዓት ስትሠሩ ደንበኛው ይሸከመዋል። በቁርጥ ስትሠሩ እናንተ ትሸከሙታላችሁ።

በ3,000 ብር የተነገረ ዋጋ

ከዓመታት በፊት በቦና አጨዳ ወቅት አንድ የኮምባይነር ባለቤት ጠራኝ። መውቂያ ድራሙ በገለባ እየታፈነ ማሽኑ በየሃያ ደቂቃው ይቆማል። የላስቲክ ሽታ ከሩቅ ይመጣል። ባለቤቱ ማሳው ዳር ቆሞ «አንተ ልጅ፣ ቁርጡን ንገረኝ፤ ሰዓት የሚቆጥር ሰው አልወድም» አለኝ። «እሺ ጋሼ፣ ቺንጋው ሳይሆን አይቀርም፤ 3,000 ብር» አልኩት። ተስማማን።

ቺንጋው በእርግጥ ተቃጥሎ እንደ መስታወት ያብረቀርቅ ነበር። ግን ቺንጋ ያለ ምክንያት አይንሸራተትም። አውልቄ ድራሙን በእጄ ሳዞረው በአንዱ በኩል አሸዋ እንደገባበት ወፍጮ ይንገጫገጫል። ረጅም ፌሮ ከሻፍቱ ሥር አስገብቼ ወደ ላይ ስገፋው ሻፍቱ ተነሣ፤ መነሣት አልነበረበትም። ኩሽኔታው አልቆ ነበር። ኩሽኔታው ሲነቀል ደግሞ ሌላ ጉድ ወጣ፦ የውስጥ ቀለበቱ ሻፍቱ ላይ ሲዞር ቆይቶ ብረቱን በልቶታል። እንዲህ ባለ ሻፍት ላይ አዲስ ኩሽኔታ ቢገባም አይይዝም። ሻፍቱ ወጥቶ፣ የተበላው ቦታ በብየዳ ተሞልቶ፣ በቶርኖ ወደ ልኩ መመለስ አለበት።

ሻፍቱን ይዤ ሮቤ ሄድኩ። ለምርመራው 2 ሰዓት፣ ሻፍቱን ለማውጣት 5 ሰዓት፣ መልሶ ለመግጠም 7 ሰዓት፤ በጠቅላላው 14 የሥራ ሰዓት ፈጀብኝ። የቶርኖውንና የመጓጓዣውን 1,200 ብርም ከኪሴ ከፈልኩ፤ «ቁርጥ» ብያለሁና። የተረፈኝ 1,800 ብር ለ14 ሰዓት ሲካፈል 129 ብር ገደማ ይሆናል። ባለቤቱ አላታለለኝም። ማሽኑን ሳልከፍት በውስጡ ላለው ነገር ሁሉ ዋስ የሆንኩት ራሴ ነኝ።

የሰዓታችሁ ዋጋ ስንት ነው?

129 ብር ትንሽ ነው ወይስ ብዙ? ይህን ለማወቅ የራስን ሰዓት ዋጋ ማስላት ያስፈልጋል። አብዛኛው ሰው በወር 25 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ብሎ ወጪውን ለ200 ሰዓት ያካፍላል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ወደ ማሳ የሚኬድበት፣ መለዋወጫ የሚፈለግበት፣ ዋጋ የሚነገርበት፣ ደንበኛ የሚጠበቅበት ሰዓት አይከፈልም። ለአንድ ወር ሥራዬን በደብተር ስመዘግብ እጄ ማሽን ላይ የነበረው 100 ሰዓት ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ለምሳሌ ያህል እናስላ። ለቤት 18,000፣ ለሱቅ ኪራይ 5,000፣ ለመሣሪያ፣ ለግራሶና ለስልክ 4,000 ብር በወር ይወጣል እንበል። በዚህ ላይ 5,000 ብር እንጨምር፤ በባሌ የመካኒክ ሥራ የሚጎርፈው በገናና በቦና አጨዳ ጊዜ ነው፣ በመሀል ያሉት ወራት ይቀዘቅዛሉ፣ ለእነሱም አሁኑኑ መቀመጥ አለበት። ድምሩ 32,000 ብር ነው። ለ200 ሰዓት ቢካፈል 160፣ ለ100 ሰዓት ቢካፈል ግን 320 ብር ይደርሳል። ትክክለኛው ዋጋ 320 ነው። ስለዚህ በዚያ ማሳ ላይ ለእያንዳንዱ ሰዓት 191 ብር ከራሴ ጨምሬ ሠርቻለሁ ማለት ነው። ቁጥሮቹን በራሳችሁ ወጪ ተኩ፤ አሠራሩ አይለወጥም።

ታዲያ ሁሉንም በሰዓት?

ከዚያ ኪሳራ በኋላ እንዲሁ አደረግኩ፤ በሌላ በኩል ተጎዳሁ። አንድ ኮምባይነር ፍሬውን ከገለባው ጋር ወደ ኋላ ይጥላል ተብዬ ተጠራሁ። ከኋላው የወደቀውን ገለባ በእጄ አንስቼ አየሁት። ዘለላው ባዶ ነው፣ ፍሬው ግን መሬት ላይ ተበትኗል። ይህ ማለት ድራሙ በደንብ ይወቃል፣ ጥፋቱ ከወንፊቱ ወይም ከነፋሱ ነው። ዘለላው ፍሬ እንደያዘ ቢወጣ ኖሮ ድራሙን እፈትሽ ነበር። ማራገቢያው በኃይል እየነፋ ፍሬውን አብሮ ይወስደው ነበርና ፍጥነቱን ቀነስኩ፣ ወንፊቱን ትንሽ ከፈትኩ። አርባ ደቂቃ። በሰዓት ሂሳብ 213 ብር ተከፈለኝ።

ጀማሪ ቢሆን ግማሽ ቀን ይፈጅበትና ከእኔ ስድስት እጥፍ ይቀበል ነበር። ጥፋቱን በገለባው ለመለየት ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ ሰዓት ግን ያን አይቆጥርም። እጃችሁ በፈጠነ ቁጥር ገቢያችሁ የሚቀንስ ከሆነ መስፈሪያው ተሳስቷል። ደንበኛውም በሰዓት ሥራ ላይ የራሱ ስጋት አለው፦ ባለሙያው ሆን ብሎ ይጎትተው ይሆን እያለ ከአጠገባችሁ አይርቅም።

ሥራውን ሁለት ቦታ መክፈል

መፍትሔው አንዱን ሥራ ሁለት ሥራ አድርጎ መሸጥ ነው። የመጀመሪያው ምርመራ ነው፤ በሰዓት ይከፈላል፣ ጣሪያ ግን አለው። ሁለተኛው ጥገናው ነው፤ ጥፋቱ በዓይን ከታየ በኋላ በቁርጥ ይነገራል። የዚያን ቀን ማለት የነበረብኝ ይህን ነው፦ «ጋሼ፣ ከፍቼ ልየው። በሰዓት 320 ብር፣ ከሁለት ሰዓት አያልፍም። ካየሁ በኋላ ቁርጡን እነግርዎታለሁ። ካልተስማማን የምርመራውን ብቻ ይከፍሉኛል።»

በሁለተኛው ሰዓት መጨረሻ ላይ ባለቤቱን ጠርቼ የተበላውን ሻፍት በጣቱ እንዲዳስስ አደርግ ነበር። የታየ ጥፋት ክርክርን ያሳጥራል። ከዚያ ማውጣትና መግጠም 12 ሰዓት፣ 3,840 ብር በቁርጥ፤ ቶርኖው፣ ኩሽኔታው፣ ቺንጋውና መጓጓዣው በደረሰኝ በባለቤቱ። ከምርመራው 640 ብር ጋር የእጅ ዋጋው 4,480 ብር ይሆናል።

ባለቤቱ ይህን ይቀበላል? በእሱ ሂሳብ እንየው። ማሽኑ በሰዓት 30 ኩንታል ያጭዳል፣ በኩንታል 150 ብር ይከፈለዋል ብንል፣ የአንድ ሰዓት ገቢው 4,500 ብር ነው። የጥገናው የእጅ ዋጋ ከአንድ ሰዓት አጨዳ አይበልጥም። ዋጋ ስትናገሩ ይህን ስሌት ከእሱ ጋር አብራችሁ ሥሩ። እሱን የሚያሳስበው ማሽኑ የሚነሣበት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ከዋጋው እኩል «ነገ በ8 ሰዓት ይነሣል» የሚለው ቃል ይመዝናል። ቃሉን የምትሰጡት ግን በእጃችሁ ላለው ሥራ ብቻ ነው፤ ቶርኖ ቤቱ ቢያዘገይ መዘግየቱ የማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

የትኛው ሥራ ለቁርጥ ደርሷል?

ይህን የሚነግራችሁ ደብተር ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ሰዓት ጻፉ። ተመሳሳይ ሥራ አምስት ጊዜ ከተመዘገበ በኋላ አጭሩንና ረጅሙን አስተያዩ። የኔ የኩሽኔታ ቅያሬ 3፣ 4፣ 3 ተኩል፣ 5 እና 4 ሰዓት ነበር። ረጅሙ ከአጭሩ እጥፍ አላለፈም፤ ስለዚህ ለቁርጥ ደርሷል። ዋጋውንም በረጅሙ አወጣሁት፦ 5 ጊዜ 320፣ 1,600 ብር። ሥራው በ3 ሰዓት ሲያልቅ ትርፉ የኔ ነው፤ በ5 ሰዓት ሲያልቅም አልከስርም። የኤሌክትሪክ መስመር ጥፋት ፍለጋ ግን አንዴ 1 ሰዓት፣ አንዴ 9 ሰዓት ወስዶብኛል። እንዲህ የተራራቀ ሥራ ምንጊዜም በሰዓት ይቆያል።

በሰዓት ስትሠሩ ምዝገባው ለደንበኛውም ይታይ። ስትጀምሩ «ከጠዋቱ 2፡30» ብላችሁ ጽፋችሁ ኦፕሬተሩን አስፈርሙ። ለምሳና ለስልክ ስታቆሙ እሱንም ጻፉ። ጣሪያው ከመድረሱ በፊት ደውሉ፤ ከደረሰ በኋላ የሚደወል ስልክ ይቅርታ መጠየቂያ ነው።

ለፕላንና ለንድፍ ባለሙያ

የቤት ፕላን የሚሠራን ሰው ተደብቆ የሚጠብቀው ነገር የደንበኛው ሐሳብ መቀያየር ነው። ሥዕሉ ራሱ የሚፈጀው ጊዜ ይታወቃል፤ «ወጥ ቤቱን ወደ ኋላ አዙረው»፣ «ባለቤቴ ሳሎኑ ጠበበ አለች» የሚለው ስንት ጊዜ እንደሚመጣ አይታወቅም። ስለዚህ ፕላኑን በቁርጥ ሽጡ፣ ማስተካከያውን ቁጠሩ፦ ሁለት ማስተካከያ በዋጋው ውስጥ፣ ከሦስተኛው ጀምሮ በሰዓት። በባለሙያው ስህተት የመጣ እርማት አይቆጠርም። ሥዕል ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ባልና ሚስቱን አንድ ላይ አስቀምጦ የክፍሎቹን ብዛትና ስፋት መጻፍ ይገባል፤ የንድፍ ባለሙያ ምርመራ ይህ ነው።

መካኒክም ሁኑ ንድፍ ሠሪ፣ ስለ ቁርጥ ሥራ ሕጉም የሚለው አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2610 በራሱ ኃላፊነት አንድን ውጤት ለማስገኘት ግዴታ የገባ ሰው ውልን ለብቻው ይደነግጋል። ስለዚህ ቁርጥ ስትናገሩ የምትሸጡት ውጤት ነው፤ ውጤቱ ምን እንደሆነ በአንድ መስመር ጻፉ። «ኮምባይነሩን ማስተካከል» ብላችሁ አትጻፉ፤ ወሰን የለውም። «የድራሙን የግራ ሻፍት አውጥቶ፣ በቶርኖ አስተካክሎ፣ በአዲስ ኩሽኔታ መግጠም» ብላችሁ ጻፉ። በሥራው መሀል ሌላ ጥፋት ቢወጣ ያ መስመር ያድናችኋል፤ አዲሱ ጥፋት አዲስ ምርመራ ይሆናል፣ እንደገናም በሰዓት ይጀመራል።

ዛሬ ስጠራ ማሳ ዳር ቆሜ ዋጋ አልናገርም። መጀመሪያ ሰዓቴን አያለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ቁልፌን አነሣለሁ።