አራት አኃዝ፦ 7995

ለንደን የሚኖር አንድ ወጣት እንውሰድ። ቅዳሜ ጨዋታ ሊጀመር ሲል የቤቲንግ መተግበሪያውን ይከፍትና በባንክ ካርዱ 20 ፓውንድ ሊያስገባ ይሞክራል። ጥያቄው ባንኩ ዘንድ ሲደርስ ከገንዘቡ መጠንና ከድርጅቱ ስም ጋር አራት አኃዝ ይዞ ይመጣል፦ 7995።

ይህ የሥራ ዘርፍ መለያ ነው። አንድ ድርጅት በካርድ ክፍያ ለመቀበል ሲዋዋል፣ ገንዘቡን የሚሰበስብለት ባንክ ይሰጠዋል። ሱፐርማርኬት 5411፣ ምግብ ቤት 5812፣ ቁማርና ውርርድ ደግሞ 7995 ነው። የወጣቱ ባንክ ማን ያሸንፋል ብሎ እንዳስያዘ አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። ወጣቱ በሂሳቡ ላይ የቁማር እግድ አብርቶ ከሆነ ባንኩ ቁጥሩን አይቶ ክፍያውን ይመልሳል፣ ሂሳቡ ውስጥ ብዙ ገንዘብ ቢኖርም።

ሞንዞ የተባለው የብሪታንያ ባንክ ይህን አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ደንበኛው እግዱን ራሱ በስልኩ ያበራል። ለማጥፋት ግን ከባንኩ ሠራተኛ ጋር መነጋገርና 48 ሰዓት መጠበቅ ነበረበት። ትልቁ ብልሃት እዚህ ላይ ነው፤ ወዲያው የሚጠፋ እግድ ጨዋታው እየተካሄደ ሳለ መጥፋቱ አይቀርም። ስለዚህ ባንክን ሲጠይቁ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ሰዓት ያስጠብቃል?» ቢሆን ይሻላል።

እግዱ የሚያየው ኮዱን ብቻ ከሆነ ማምለጫ አለው። ከሂሳብ ወደ ሂሳብ የሚላክ ገንዘብ ይህ ኮድ የለውም። ሌላ የሥራ ዘርፍ ኮድ ለብሶ የሚመጣ አቋማሪ ድርጅትም ሾልኮ ያልፋል። እግዱ በርቶ ሳለ ክፍያ ካለፈ፣ በሂሳብ መግለጫው ላይ የተጻፈውን ስም፣ ቀኑንና መጠኑን ይዞ ለባንኩ ማሳወቅ ያስፈልጋል። በሌላ ባንክ ያለ ካርድም ለብቻው መታገድ አለበት።

በሞባይል ገንዘብ ነገሩ ሌላ ነው። በቴሌብርም ሆነ በኤምፔሳ ገንዘቡ የሚሄደው ወደ ድርጅቱ አጭር ቁጥር ነው፤ እግዱም መቆም ያለበት በዚያ ቁጥር ላይ ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2019 የሆነው ይህንኑ ያሳያል፦ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የ27 ቤቲንግ ድርጅቶች የክፍያ ቁጥሮች እንዲዘጉ ሳፋሪኮምን አዘዘ። ያ ግን ድርጅቶቹን ለሁሉም ሰው የሚዘጋ ትእዛዝ ነበር።

አንድ ደንበኛ ለራሱ ብቻ ሲጠይቅ «ቁማር አግዱልኝ» ማለቱ አይበቃም። የክፍያ መልእክቶቹን አውጥቶ፣ ገንዘቡ የገባባቸውን ቁጥሮች አንድ በአንድ ጽፎ፣ ከእርሱ ስልክ ወደ እነርሱ ክፍያ እንዳይወጣ በደብዳቤ ይጠይቅ፤ ደብዳቤው መድረሱን የሚያሳይ ማኅተም ያረፈበት ቅጂም ይያዝ። አወራራጁ በግል ስልኩ የሚቀበል ከሆነ ያ ቁጥር ከዘመድ ቁጥር አይለይም፤ ስለዚህ እርሱንም ለይቶ ማስመዝገብ ይኖርበታል።