የወደፊት የጡረታ አበል ግምትን በጽሑፍ ስለ መጠየቅ

በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው በየወሩ ከደመወዙ ላይ 7 በመቶ ለጡረታ መዋጮ ይቀነስበታል፤ አሠሪውም በበኩሉ 11 በመቶ ጨምሮ ይከፍላል። ሠራተኛው ይህን ተቀናሽ በደመወዝ መክፈያው ዝርዝር ላይ ያያል። ገንዘቡ በስሙ ገቢ መሆኑን፥ ለስንት ዓመት አገልግሎት እንደ ተያዘለትና በመጨረሻ ምን ያህል አበል እንደሚያስገኝለት ግን ከዝርዝሩ ማወቅ አይችልም። ብዙ ሰዎች ይህን የሚረዱት 60 ዓመት ሞልቷቸው ማመልከቻ ባቀረቡ ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ጉድለት ቢገኝ፥ ቀድሞ የሠሩበት ድርጅት ተዘግቶ፥ የሒሳብ መዛግብቱም ጠፍተው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገና በሥራ ላይ ሳሉ ለማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጽፎ ግምቱን በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። ደብዳቤው በምን ዓይነት መልክ ቢጻፍ የሚጠቅም መልስ እንደሚያስገኝ ከዚህ በታች ተገልጿል።

ግምቱ የሚመሠረትባቸው ነገሮች

የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ዐቅድ የተቋቋመው በ2003 ዓ. ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ነው፤ በ2014 ዓ. ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1268 ተተክቶበታል። በዐቅዱ የተዘረጋው የአበል ስሌት ለመረዳት የሚያስቸግር አይደለም። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው በጡረታ ዕድሜው የአማካይ ደመወዙን 30 በመቶ በየወሩ ያገኛል። ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ሆኖም ጠቅላላው ከ70 በመቶ አያልፍም። አገልግሎቱ 10 ዓመት ያልሞላ ሰው ወርኃዊ አበል አያገኝም፤ የሚሰጠው አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ነው።

ከዚህ እንደሚታየው ግምቱ በሦስት ነገሮች ላይ ይቆማል። አንደኛው በመዝገብ የተያዘው የአገልግሎት ዘመን ነው። ሁለተኛው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ሲሆን፥ ደመወዝ ሲባልም መደበኛው የወር ደመወዝ ብቻ ነው፤ የመጓጓዣ፥ የቤትና የመሳሰሉት አበሎች አይታሰቡም። ሦስተኛው በመዝገቡ ላይ የሰፈረው የትውልድ ቀን ሲሆን፥ የጡረታው ቀን የሚወሰነው በዚሁ ነው።

እንግዲህ «ጡረታዬ ስንት ይሆናል?» ብሎ ብቻ የጠየቀ ሰው አንድ ቁጥር ቢሰጠው እንኳ ቁጥሩ ትክክል መሆኑን የሚመረምርበት መንገድ የለውም። ሦስቱን መሠረቶች ለይቶ የጠየቀ ግን እያንዳንዱን በእጁ ካለው ማስረጃ ጋር ለማነጻጸር ይችላል።

የደብዳቤው አጻጻፍ

ለምሳሌ የአንድ መጋዘን ኃላፊን ጉዳይ እንውሰድ። ይህ ሰው የተወለደው ሐምሌ 1 ቀን 1963 ዓ. ም. ነው። ዐቅዱ ከተጀመረበት ከሐምሌ 1 ቀን 2003 ዓ. ም. እስከ ሰኔ 30 ቀን 2009 ዓ. ም. ድረስ በአንድ አስመጪ ድርጅት ሠርቷል፤ ከዚያም ሳያቋርጥ አሁን ወዳለበት ድርጅት ተዛውሯል። መደበኛ የወር ደመወዙ 12,000 ብር ነው። በ2018 ዓ. ም. የሚጽፈው ደብዳቤ የሚከተለውን ይመስላል።

«ለግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር

ጉዳዩ፦ የአገልግሎትና የመዋጮ መዝገብ እንዲገለጽልኝና የጡረታ አበል ግምት በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ስለ መጠየቅ

ስሜ፥ የጡረታ መለያ ቁጥሬና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሬ ከዚህ ደብዳቤ ግርጌ ተገልጸዋል። ከሐምሌ 1 ቀን 2003 ዓ. ም. እስከ ሰኔ 30 ቀን 2009 ዓ. ም. በቀድሞው አሠሪዬ ዘንድ፥ ከሐምሌ 1 ቀን 2009 ዓ. ም. ጀምሮ እስካሁን ድረስ ደግሞ አሁን ባለሁበት ድርጅት ሳላቋርጥ ሠርቻለሁ። የሁለቱም ድርጅቶች ስምና አድራሻ ከሥራ ማስረጃዎቼ ቅጂ ጋር ተያይዟል።

ስለዚህ የሚከተሉት በጽሑፍ እንዲገለጹልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ፦

1ኛ/ በመዝገብ የተያዘው የትውልድ ቀኔ፤

2ኛ/ እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ. ም. ድረስ በየአሠሪው ስም የተያዘልኝ አገልግሎትና መዋጮ ያልገባባቸው ወራት ቢኖሩ ዝርዝራቸው፤

3ኛ/ ላለፉት ሦስት ዓመታት በየወሩ የተመዘገበልኝ ደመወዝ፤

4ኛ/ አሁን ያለኝ ደመወዝ ሳይለወጥ 60 ዓመት እስኪሞላኝ ባገለግል የማገኘው ወርኃዊ አበል ግምትና ስሌቱ የተመሠረተበት የአዋጁ አንቀጽ።

ይህ ጥያቄ አበል እንዲወሰንልኝ የቀረበ አለመሆኑንና የሚሰጠኝም መልስ ግምት ብቻ መሆኑን እረዳለሁ።

ከሰላምታ ጋር»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ሁለት ነገሮች ልዩ ትኩረት ይሻሉ። የመጀመሪያው የቀን ገደቡ ነው። «እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ. ም.» ተብሎ ቁርጥ ያለ ቀን ባይነገር፥ መልሱ እስከ መቼ ያለውን አገልግሎት እንደሚያካትት አይታወቅም፤ የቅርብ ወራት መዋጮም ወደ መዝገብ ሳይገባ ቆይቶ እንደ ጉድለት ሊታይ ይችላል። ሁለተኛው የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ነው። ሹሙ መሥሪያ ቤቱን የሚያስገድድ ውሳኔ እንዲሰጥ የተጠየቀ ከመሰለው ጠያቂውን «ዕድሜህ ሲደርስ አመልክት» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። መልሱ ግምት ብቻ መሆኑ አስቀድሞ ሲነገረው ግን ቢያንስ መዝገቡን ገልጾ ለመስጠት አይቸገርም። ስሌቱን ቢተወው እንኳ የመዝገቡ መግለጫ ከተገኘ ግምቱን ማንም ሰው በወረቀትና በእርሳስ ሊሠራው ይችላል።

ቀድሞ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገለ ሰው ይህንኑ ዘመን በደብዳቤው ላይ ለይቶ መጥቀስ አለበት። ከ2003 ዓ. ም. በፊት በፕሮቪደንት ፈንድ ታቅፎ የነበረም እንዲሁ ያድርግ፤ እንደዚህ ያሉ ሠራተኞች በፈንዱ እንዲቀጥሉ ወይም ወደ ጡረታው ዐቅድ እንዲገቡ ምርጫ ተሰጥቷቸው ስለ ነበር፥ የትኛው እንደ ተመረጠ ሳይታወቅ የአገልግሎቱን ዘመን መቁጠር አይቻልም።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ ለመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ይሰጣል፤ በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፥ ቀንና ማኅተም አስደርጎ መያዝ ያስፈልጋል። መልሱ ቢዘገይ ጠያቂው ጉዳዩን የሚከታተለው በዚህ የገቢ ቁጥር ነው።

መልሱን ስለ መመርመር

የመጋዘን ኃላፊው ሙሉ አገልግሎቱ ተይዞለት ቢገኝ፥ ሐምሌ 1 ቀን 2023 ዓ. ም. 60 ዓመት ሲሞላው 20 ዓመት አገልግሎት ይኖረዋል። 30 በመቶው ከተጨማሪዎቹ 10 ዓመታት 12.5 በመቶ ጋር ሲደመር 42.5 በመቶ ይሆናል፤ ከ12,000 ብር ላይ ሲታሰብም 5,100 ብር ነው።

የደረሰው መልስ ግን እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ. ም. የተያዘለት አገልግሎት 14 ዓመት መሆኑ ቀርቶ 12 ዓመት ብቻ ነው የሚል ነው እንበል። የጎደሉት ሁለት ዓመታት የቀድሞው አሠሪ ከደመወዙ ቀንሶ ገቢ ያላደረገባቸው ናቸው። ጉድለቱ ሳይታረም ቢቀር በጡረታው ቀን አገልግሎቱ 18 ዓመት፥ መቶኛውም 40፥ አበሉም 4,800 ብር ይሆናል። ይህም በወር 300 ብር፥ በዓመት 3,600 ብር፥ እስከ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ኪሳራ ነው።

ሌላው ስሕተት የሚገኘው በደመወዙ ላይ ነው። አንዳንድ ድርጅት ለሠራተኛው የሚከፍለው ሌላ ሆኖ ለመሥሪያ ቤቱ የሚያሳውቀው ሌላ ይሆናል። ይህን ለማወቅ አንድ ቀላል መፈተኛ አለ፤ በወር የተቀነሰውን የሠራተኛ መዋጮ በ7 አካፍሎ በ100 ማባዛት ነው። ተቀናሹ 840 ብር ከሆነ ደመወዙ 12,000 ብር ተብሎ ታስቧል ማለት ነው፤ 560 ብር ከሆነ ግን የታሰበው 8,000 ብር ብቻ ነው። በዚያው 42.5 በመቶ ሲሰላ ይህ ሠራተኛ የሚያገኘው 3,400 ብር ነው። ልዩነቱ አበል ተብሎ የተከፈለ ገንዘብ ከሆነ ሕጉ ራሱ አያስበውም፤ መደበኛ ደመወዝ ሆኖ ሳለ የተሰወረ ከሆነ ግን አሠሪው ሊያርመው የሚገባ ጉድለት ነው።

አማካይ ደመወዝ የሚለውንም ቃል ማስተዋል ያሻል። ሠራተኛው በመጨረሻዎቹ 36 ወራት ውስጥ ለ24 ወር 9,000 ብር፥ ለ12 ወር ደግሞ 12,000 ብር ቢያገኝ፥ አማካዩ 10,000 ብር ነው፤ አበሉም 5,100 መሆኑ ቀርቶ 4,250 ብር ይሆናል። በጡረታ ዋዜማ የተደረገ የደመወዝ ጭማሪ ሙሉ ጥቅም የማይሰጠው ስለዚህ ነው።

ጉድለት ሲገኝ የሚደረገው

የጎደሉት ወራት በዝርዝር ከታወቁ በኋላ ሠራተኛው በመጀመሪያ ለቀድሞው አሠሪ በጽሑፍ ያመለክታል። የነዚያኑ ወራት የደመወዝ መክፈያ ዝርዝርና መዋጮው ገቢ የሆነበትን ደረሰኝ ይጠይቃል። ደረሰኙ ከተገኘ ስሕተቱ የምዝገባ ነው፤ ገንዘቡ በሌላ ሰው ስም ወይም በተሳሳተ መለያ ቁጥር ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ማስረጃውን አያይዞ እርማት መጠየቅ ይበቃል። ደረሰኙ ካልተገኘ ግን ገንዘቡ አልገባም ማለት ነው። ያን ጊዜ ሠራተኛው የተቀነሰበትን የደመወዝ ዝርዝር፥ የቅጥር ውሉንና የሥራ ማስረጃውን አያይዞ ለመሥሪያ ቤቱ ያቀርባል፤ ውዝፉንም ከአሠሪው የሚያስከፍለው መሥሪያ ቤቱ ነው።

ነጋዴውም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደለም። ከሠራተኛው ደመወዝ የተቀነሰው 840 ብርና አሠሪው የሚጨምረው 1,320 ብር በድምሩ 2,160 ብር ሆኖ በየወሩ ካልገባ፥ ገንዘቡ በድርጅቱ ላይ ዕዳ ሆኖ ይከማቻል። ድርጅቱን ለመሸጥ ወይም ለመዝጋት በሚታሰብበት ጊዜም ይህ ዕዳ አብሮ ይነሣል። ስለዚህ አሠሪው ሠራተኞቹ እንዲህ ያለ ደብዳቤ እንዲጽፉ ቢፈቅድና ማስረጃውን ቢያዘጋጅላቸው የራሱንም መዝገብ ማስመርመሩ ነው።

በመጨረሻም ግምቱ እስከ ምን ድረስ እንደሚታመን ማወቅ ያስፈልጋል። ወደ ፊት የሚሆነውን የደመወዝ ለውጥ አያውቅም፤ አዋጁ ቢሻሻልም ስሌቱ ይለወጣል፤ የገንዘብን የመግዛት ኃይል መቀነስም አያሳይም። ያለፈው የአገልግሎት ዘመን መግለጫ ግን ዛሬ ሊፈተንና ሊታረም የሚችል ነው። ስለዚህ ደብዳቤው በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ፥ እንዲሁም ሠራተኛው ድርጅት በለወጠ ቁጥር ቢደገም፥ የእያንዳንዱ አሠሪ ጉድለት አሠሪው በቅርብ ሳለ፥ መዛግብቱም ሳይጠፉ ይገኛል።